ከሰባት ወር በኋላ ለሐዘንተኛ ጓደኛ ምን ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «ጓደኛዬ ያለችው አዲስ አበባ ነው። ባለቤቷ ጥር ላይ በድንገት ሞተ። ሁለት ትናንሽ ልጆች አሏት። እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ስለሆነ ለቅሶ መድረስ አልቻልኩም። በሳምንቱ ደወልኩላት፣ በአርባው ደወልኩላት፣ ከዚያ ጠፋሁ። አሁን ሰባት ወር ሆነው። ሰሞኑን እህቷን በስልክ ሳገኛት ‹አሁን እኮ ማንም አይደውልላትም› አለችኝ። ልጻፍላት ብዬ ስንቴ ጀምሬ አጠፋሁት። ገና ሲበርድላት ሐዘኑን ልቀሰቅስባት ነው ብዬ እፈራለሁ። ባለቤቷን በደንብ አውቀው ነበር። ወደዚህ ስመጣ ቦሌ ያደረሰኝ እሱ ነው። ሻንጣዬ ከብዶ በርበሬዬን ሲያስወጡኝ ‹በሰው እልክልሻለሁ› አለኝ፤ በእውነትም ላከልኝ። የጀመርኩት ይኼን ነው፦ ‹ውዴ፣ ስለጠፋሁ በጣም አፍራለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራው፣ ልጆቹ፣ የዚህ አገር ኑሮ ጊዜ ነሳኝ። እንዴት ነሽ ግን? በርቺ፣ ለልጆችሽ ስትይ ጠንክሪ። እግዚአብሔር ያደረገው ሁሉ ለበጎ ነው። የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ሳትሳቀቂ ንገሪኝ።› ልላከው? ወይስ ብተወው ይሻላል?»

ምላሽ፦ ጻፊላት። ይኼን ያረቀቅሽውን ግን አትላኪው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ፍርሃትሽን እንየው፣ ይህን ሁሉ ወር ዝም ያሰኘሽ እሱ ነውና። ሐዘኑን እቀሰቅሳለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው፣ ሐዘንተኛዋ የረሳችበት ሰዓት አለ፣ እኔ ደግሞ ያንን አበላሽባታለሁ ብሎ ያስባል። የጓደኛሽ ቀን ግን እንደዚያ አይውልም። ልጇን ጤና ጣቢያ ወስዳ ተራ ስትጠብቅ ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባቱ ስም ነው። የትምህርት ቤት ቅጽ ስትሞላ የአባት ስልክ ቁጥር የሚሞላበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ እስክሪብቶዋ ይቆማል። ባንክ ሄዳ፣ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ተመላልሳ፣ በእያንዳንዱ መስኮት «ባለቤቴ ሞቷል» ማለት አለባት። ስለዚህ ያንቺ መልእክት መሞቱን አያስታውሳትም። አዲስ የሚሆንባት፣ እሱን የሚያስታውስ ሌላ ሰው መኖሩ ነው።

አንብባ ልታለቅስ ትችላለች። ማልቀሷ ጎዳሻት ማለት አይደለም። ሐዘንተኛን የሚከብደው ባልተዘጋጀበት ቦታ፣ ሰው ፊት መነካት ነው። ለምሳሌ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ መሃል ሆና፣ ወይም ታክሲ ውስጥ ተጨናንቃ ሳለ። የተጻፈ መልእክት እዚህ ላይ ጥሩ ነው። መቼ እንደምትከፍተው የምትወስነው እሷ ናት።

ቀጥሎ «ገና ሲበርድላት» ያልሽው አለ። ሐዘን ቀን በቀን እየቀነሰ የሚሄድ አይደለም። ብዙ ሰው ስለ «አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች» ሰምቷል፤ መካድ፣ ቁጣ፣ እያለ መጨረሻ ላይ መቀበል የሚባለው። ዶክተር ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ከማይድን ሕመም ጋር የነበሩ፣ ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎችን አነጋግረው ነው። ሰው ለሞተበት ሰው የተሠራ የጊዜ ሰሌዳ አልነበረም። እኔ በሥራዬ የማየውን የበለጠ የሚገልጸው ሁለት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች፣ ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ሐሳብ ነው። እነሱ እንደሚሉት ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል። አንዱ ማጣቱ ራሱ ነው፤ ማልቀስ፣ መናፈቅ፣ ፎቶ ማየት። ሌላው ሞቱ ያመጣው አዲስ ኑሮ ነው፤ ሂሳብ መክፈል፣ እሱ ይሠራው የነበረውን መልመድ፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ መሳቅ። በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ይኬዳል። መመላለሱ ጤነኛ ነው።

ይህ ላንቺ ለምን ይጠቅማል? መልእክትሽ በየትኛው ሰዓቷ ላይ እንደሚደርስ አታውቂም። እያለቀሰች ሊሆን ይችላል፣ የልጅ ደብተር እየሸፈነች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልታወራ ከፈለገች የሚያስወራት፣ ካልፈለገች አንብባ ብቻ የምታልፈው ዓይነት መሆን አለበት።

አሁን ሰዎቹ ሁሉ የት ሄዱ የሚለውን ላንሳ። ክፉ ሆነው አይደለም። አርባውን ስላነሳሽ ኦርቶዶክስ ናቸው ብዬ ልያዝ። የእኛ ለቅሶ ቀን ይቆጥራል። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ከዚያ ሙት ዓመት። እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩንና ዕቃውን ያመጣል፣ ቀኑ ሲያልቅ ይነቅላል። ሰው የሚመጣው ቀን ስላለው ነው። የጓደኛሽን ቁጠሪው። ሰማንያው ሚያዝያ አካባቢ ወጥቷል። መንፈቁ ሐምሌ ላይ አልፏል፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ መንፈቅ ላይ የሚመጣው የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው። አሁን ነሐሴ ነው። ከዚህ በኋላ ሰው የሚሰበሰብበት ቀን ጥር ላይ ያለው ሙት ዓመት ነው። በመሃል ያሉት እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና ናቸው፤ ሰው በየቤቱ ከቤተሰቡ ጋር የሚሆንባቸው ቀኖች። እህቷ «ማንም አይደውልላትም» ያለችው ከዓመቱ ሁሉ ባዶ በሆነው ክፍል ላይ ነው። ያንቺ ደብዳቤ መግባት ያለበትም እዚሁ ነው። ዘገየሁ ብለሽ ከሆነ የምታፍሪው፣ በአርባው ከደወልሽው ስልክ ይልቅ ይኼ ይበልጥ ይፈለጋል። ያኔ ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር።

ሌላ እምነት ላላቸው አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሙስሊም ቤት ከሆነ የጎረቤቱ ለቅሶ ብዙውን ጊዜ በሦስት ቀን ያበቃል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ግን በሐዘን የምትቆይበት ጊዜ፣ ዒዳዋ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ዒዳዋ ሲያበቃ ሰው «አለቀ» ብሎ ያስባል፤ ያ ሳምንት ለመጻፍ ጥሩ ጊዜ ነው። ፕሮቴስታንት ቤት ደግሞ ተዝካር ስለሌለ ሰው ተመልሶ የሚመጣበት ቀን ጭራሽ አይኖርም። እዚያ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ጻፉ።

አጭር ደብዳቤ ምን ይፈይዳል ለሚል ሰው አንድ የማከብረው ሥራ አለ። ጀሮም ሞቶ የሚባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። በድባቴ ወይም ራሳቸውን ለማጥፋት በማሰባቸው ሆስፒታል ተኝተው የወጡ፣ ከዚያ ግን ተከታታይ ሕክምና አንፈልግም ያሉ 843 ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ክፍል ምንም አልተላከም። ለቀሩት በአምስት ዓመት ውስጥ 24 አጫጭር ደብዳቤዎች ተላኩ። መጀመሪያ በየወሩ፣ እየቆየ በየሦስት ወሩ። ደብዳቤዎቹ ጥቂት መስመር ብቻ ነበሩ፤ ካየንዎት ቆየን፣ ደህና እንደሆኑ ተስፋ እናደርጋለን፣ ሊጽፉልን ከፈለጉ ደስ ይለናል የሚል ዓይነት። ምክር የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ቅጽ የለም። ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ያነሱ ነበሩ፤ ልዩነቱ ጎልቶ የታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። ውጤቱ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። እነዚያ በሽተኞች ናቸው፣ ጓደኛሽ በሽተኛ አይደለችም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ወደ እሷ አላዞርም። የምወስደው አጻጻፉን ነው። አጭር ነው፣ ከሰውየው ምንም አይጠይቅም፣ ደግሞም ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ረቂቅሽ። በይቅርታ ትጀምሪያለሽ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሙሉ ስለ ራስሽ ነው። ይህን ያነበበች ሴት ምን ትመልሳለች? «ኧረ ምንም አይደል፣ የሰው አገር ኑሮ መቼ ጠፋኝ» ትላለች። አየሽ፣ አጽናኟ እሷ ሆነች። ጸጸትሽ እውነት ነው፣ ይገባኛል፤ ግን እሱን መሸከም የእሷ ሥራ አይደለም። አንድ አጭር መስመር ይበቃል፣ ምክንያት ሳይደረደር። «ብዙ ወር ዝም አልኩሽ፤ ልክ አልነበረም።» ነጥብ።

«እንዴት ነሽ ግን?» አትበያት። መልሱ ከመጠየቅሽ በፊት የታወቀ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ሌላ መልስ መስጠት የፈለገች ብትሆን እንኳ ከየት ትጀምር?

«በርቺ፣ ለልጆችሽ ስትይ» የሚለው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። ብርታት ልትሰጫት ብለሽ ነው። እሷ ግን በየቀኑ ጠዋት ተነስታ ልጆች አልብሳ ታወጣለች፤ መበርታቷ ጎድሎባት አይደለም። ከዚህ ቃል የምትሰማው «ከእኔ ጋር አታልቅሺ» የሚለውን ነው። እኔ ጋ የሚመጡ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው ሰዎች ደጋግመው የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው፤ ሰው ሁሉ በርቺ ሲለኝ ጊዜ የሚሰማኝን መናገር ተውኩ ይላሉ።

ስለ እግዚአብሔር የጻፍሽውን በጥንቃቄ ልናገር፤ እምነቷ ትልቁ መጽናኛዋ ሊሆን ይችላልና። «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ «ነፍሱን በገነት ያኑርልን» በይ፣ ሳትፈሪ። እነዚህ ምርቃት ናቸው። «ያደረገው ሁሉ ለበጎ ነው» ግን ማብራሪያ ነው። ለምን እንደሞተ እየነገርሻት ነው። እሷ ራሷ እንዲህ ልትል ትችላለች፣ መብቷ ነው። ካንቺ ሲመጣ ግን በውስጧ ጥያቄ ካላት አፏን ያዘጋታል።

«የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» የሚለው ሥራውን ወደ እሷ ይገፋል። ምን እንደሚያስፈልጋት ማሰብ፣ ከዚያ ውስጥ ምኑን ልጠይቃት ብላ መምረጥ፣ ከዚያ ይሉኝታዋን አሸንፋ መጻፍ አለባት። ማንም አያደርገውም። እርዳታ ካሰብሽ አንድ ነገር ራስሽ ምረጪና በቀጥታ ተናገሪ። አሁን የሚታየኝ መስከረም ላይ ትምህርት መከፈቱ ነው፤ ደብተር፣ ቦርሳ፣ ዩኒፎርም። «የልጆቹን የዘንድሮ ዕቃ እኔ ልቻለው፣ ከእህትሽ ጋር እንነጋገራለን» ማለት ትችያለሽ። ይህን ግን በመጀመሪያው መልእክት አትጻፊው። ገንዘብ ያለበት ደብዳቤ የግድ ምስጋና ይጠይቃል፣ ምስጋና ደግሞ የግድ መልስ ነው። ለሁለተኛው አቆዪው።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ያለሽ ምርጥ ነገር በረቂቅሽ ውስጥ የለም፤ ለእኔ ግን ጽፈሽልኛል። የቦሌው በርበሬ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጓደኛሽ ስለ ባለቤቷ ያላት ነገር አሁን የተወሰነ ሆኗል። አዲስ ቀልድ አይቀልድም፣ አዲስ ፎቶ አይነሳም። እሷ የምታውቀውን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ሌሊት ሌሊት እየደጋገመችም ታየዋለች። ስለ እሱ ገና ያልሰማችው ነገር ያለው ሌሎች ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው። አንቺ ዘንድ አንድ አለ። ምናልባት የዚያን ቀን ማታ ቤት ገብቶ ነግሯት ይሆናል፤ ምናልባትም ተራ ነገር መስሎት ሳይነግራት ቀርቷል። ቢነግራትም ካንቺ በኩል አልሰማችውም። «ደግ ሰው ነበር» የሚለውን ድንኳን ውስጥ ከመቶ ሰው ሰምታዋለች፣ ማን እንዳለው እንኳ አታስታውስም። የበርበሬውን ታሪክ ግን የምትነግሪያት አንቺ ብቻ ነሽ።

ስትጽፊው ትንንሹን ነገር አስታውሺ። በማን እጅ ላከው? በምን ጠቅልሎት ነበር? ላዩ ላይ ያንቺን ስም የጻፈው በእሱ እጅ ነበር? አንዱን ብቻ አስገቢ። አታሳምሪው፣ ያልነበረ አትጨምሪበት። እሷ ሰውየውን ታውቀዋለች፤ የእሱ ያልሆነ ነገር ካለበት ወዲያው ይገባታል። ደግሞም ስሙን ጻፊው። ብዙ ሰው ሟችን ለመጥራት ስለሚፈራ «እሱ» ወይም «የልጆቹ አባት» እያለ ያልፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ በአገር ምድሩ ላይ ስሙን የሚጠራ ሰው ይጠፋል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር። «እገሌ» ባልኩበት ስሙን አስገቢበት፣ ቃሉንም ወደ ራስሽ አነጋገር መልሺው።

«ውዴ፣ ዛሬ ወጥ እየሠራሁ በርበሬ ስጨምር እገሌ ትዝ አለኝ። ቦሌ ያደረሰኝ ቀን ሻንጣዬ ከብዶ በርበሬውን አስወጡኝ። አትዘኚ፣ በሰው እልክልሻለሁ አለኝ። ሊያጽናናኝ ያለው መስሎኝ ነበር። በእውነት ላከልኝ። ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም፣ እንድታውቂው ፈለግሁ።

ብዙ ወር ዝም አልኩሽ፤ ልክ አልነበረም። እሱንም አንቺንም ግን አስባችኋለሁ።

እንቁጣጣሽ እየመጣ ነው። ያለ እሱ የመጀመሪያችሁ ነው፤ ያን ቀን በልቤ ከእናንተ ጋር ነኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

መልስ እንድትጽፊልኝ ብዬ አይደለም። ማውራት ያሰኘሽ ቀን ግን ደውዪልኝ፤ እናንተ ጋ ሌሊት ሲሆን እዚህ ቀን ነው፣ አነሳለሁ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ እጽፍልሻለሁ።»

በቃ። የመጀመሪያው መስመር እውነት ካልሆነ ቀይሪው፤ በርበሬ ስትጨምሪ ትዝ ካላለሽ መቼ ትዝ እንዳለሽ ጻፊ። በዓሉን ያነሳሁት እሷም እየቆጠረችው ስለሆነ ነው፤ ሰው ሁሉ «መልካም አዲስ ዓመት» ብቻ ሲልላት ቀኑ እንደሚከብድ የገባው አንድ ሰው ይኑር። የሰዓት ልዩነቱንም በከንቱ አላስገባሁትም። እንቅልፍ የሚያጣ ሐዘንተኛ እኩለ ሌሊት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ማንን ይቀሰቅሳል? በመካከላችሁ ያለው ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት እሷ ስትነቃ አንቺን ሥራ ላይ ወይም እራት ላይ ያደርግሻል። ሌላ ጓደኛዋ ይህን ሊሰጣት አይችልም። መልስ አልጠብቅም ያልሽውንም በልብሽ እመኚበት። በሚቀጥለው ወር እጽፋለሁ ካልሽ ደግሞ መጻፍ ግዴታሽ ነው። የማትጽፊ ከሆነ ያቺን መስመር ከአሁኑ አውጫት፤ ሁለተኛ መጥፋት ከመጀመሪያው ይከፋል።

በምን እንደምትልኪው ትጠይቂ ይሆናል። በጽሑፍ፣ ብዙውን ጊዜ በምታወሩበት፣ ቴሌግራምም ይሁን ሌላ። አትደውዪ፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ከሰባት ወር በኋላ በድንገት የመጣ ስልክ ሲነሳ ልጆች አጠገቧ ናቸው፣ አማቷ ሳሎን ተቀምጠዋል፣ እሷም ድምፅዋን አስተካክላ «ደህና» ማለት አለባት። የድምፅ መልእክትም ሰው መሃል ሆና አትከፍተውም። የሻማ ሥዕል፣ ሼር የተደረገ ስብከት፣ «ለሌሎችም አካፍሉ» የሚል ቪዲዮ አታያይዢ፤ ለእሷ የተጻፈው ነገር ከሁሉም የመጣ ይመስላል። ፌስቡክ ገጿ ላይ ደግሞ በጭራሽ። ሰው ሁሉ እያየ ምን ትመልስ?

ከላክሽ በኋላ የሚመጣው ከአራት አንዱ ነው። አንደኛው ዝምታ ነው። መልእክቱ መነበቡ ይታይሻል፣ መልስ የለም። «ደረሰሽ?» አትበያት። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ላኪ፣ ስለ መጀመሪያው ሳታነሺ። ሁለተኛው «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ እናንተስ?» የሚል ነው። ይህ በጨዋነት የተዘጋ በር ነው፤ አትግፊው። «እኛም ደህና ነን» ብለሽ አንድ ተራ ወሬ ጨምሪላት፣ ልጅሽ ስለሠራው ነገር፣ ስለ ሠፈራችሁ። እሷ ከሐዘን ውጪም ሰው ናት፤ ብዙ ሐዘንተኛ እንደ ድሮው የሚያወራው ሰው ይናፍቀዋል። ሦስተኛው ረጅም መልስ ነው፣ ሁሉን የሚያፈስ። ያኔ ምክር አትፈልጊለት። ከጻፈችው ውስጥ አንዱን ነገር ያዢና ስለ እሱ ብቻ መልሺላት። አራተኛው «አሁን ትዝ አልኩሽ?» ነው። ይህም ይመጣል፣ አትደንግጪ። እውነቷን ነው፤ «ልክ ነሽ፤ አልጠፋም ከእንግዲህ» በያት። ተናዳ የጻፈችልሽ አሁንም ስለምትፈልግሽ ነው። ያልፈለገችሽ ቢሆን ዝም ትል ነበር።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። እንዴት እንደሞተ አትጠይቂያት፣ ባታውቂውም። እሷ ካነሳችው ስሚ። ስለ ሌላ ሰው ሞት አታውሪ፤ የአክስትሽ፣ የጎረቤትሽ፣ ሌላው ቀርቶ ያንቺው አባት ሞት ቢሆንም፣ እሷ ካልጠየቀችሽ በስተቀር። «ገና ወጣት ነሽ» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ።

የደብዳቤ አቅም የት ላይ እንደሚያበቃም እወቂ። ሰባት ወር ሆኖት ማልቀስ፣ ልብሱን አለመስጠት፣ ጥቁር መልበስ በሽታ አይደለም። የእኛው ባህል ራሱ ዓመት ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት «የተራዘመ ሐዘን» የሚለውን ችግር ሲያስቀምጥ ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ፣ ከሰውየው ባህልና እምነት ልማድ በግልጽ ያለፈ፣ ኑሮውንም ያሰናከለ መሆን አለበት ይላል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ ለአዋቂ አንድ ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ወሩን ብቻ ቆጥረሽ አትደንግጪ። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ምግብ ትታ እየከሳች ከሄደች፣ ልጆቹን መንከባከብ ካቃታት፣ ለሳምንታት ከአልጋ ካልወጣች፣ ወይም ሞትን ከተመኘች።

የመጨረሻውን በግልጽ ልናገር። «ምነው ከእሱ ጋር በሄድኩ» የሚለው ቃል በለቅሷችን የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ናፍቆት ነው። ናፍቆት ይሁን ሌላ ግን ገምተሽ አትለፊው፣ ጠይቂያት፤ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» በይ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ ካለባት ግን እንድትናገር ያደርጋታል። አዎ ካለች፣ በተለይ እንዴትና መቼ ብላ ካሰበች፣ ደብዳቤውን አቁሚና ያኔውኑ ደውዪላት። እያወራሻት በሌላ ስልክ እህቷን አግኚ፣ አጠገቧ ሰው እንዲሆን። ብቻዋን አትደር። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ይህን ምስጢር ጠብቂልኝ ብትልሽም አትጠብቂ።

ለተራው ጊዜ ግን የምመክርሽ ይህ ነው። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ ጨርሺ፣ በስልክሽ አንድ ገጽ ሳያልፍ። ስትልኪው እዚያ ልጆች ተኝተው ይሁን፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ማለት ነው። ከዚያ ስልክሽ ላይ ቀኖቹን መዝግቢ። እንቁጣጣሽ ካለፈ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ አንድ፤ በበዓሉ ዕለት አይደለም፣ ያን ቀን ስልኳ በ«መልካም በዓል» ይሞላል። የትምህርት ቤቱን ነገር እዚያ ላይ አንሺው። ኅዳር ላይ አንድ፣ ምንም ቀን በሌለበት፣ ሌላ ትዝታ ካለሽ በእሱ፣ ከሌለሽ በሁለት መስመር ሰላምታ። ገና ሲቃረብ አንድ። ሙት ዓመቱ ዋዜማ ላይ ደግሞ አንድ። ከሙት ዓመቱ በኋላ ጥቁሩ ይወልቃል፣ ዘመድም ዓመት ሞላው ብሎ ይበተናል፤ ስለዚህ የካቲት መጀመሪያ ላይም አንድ ደብዳቤ አስቀምጪላት፣ ከዚያም በየሁለት ወሩ ቀጥዪ።